የሰኔዋ ደብዳቤ

በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ አንዲት ደብዳቤ እጽፋለሁ። ለኬጂ 3 ወላጆች። ልጆቹ መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ስለሚገቡ ክረምቱን እንዴት እንደሚያዘጋጇቸው የምትናገር አንድ ገጽ ወረቀት ናት፤ ከሪፖርት ካርዱ ጋር ተጣጥፋ ቦርሳ ውስጥ ትገባለች። ግማሹ ወላጅ እንደማያነባት አውቃለሁ። አንድ ዓመት ሰፈር ውስጥ ቆሎ ገዝቼ መጠቅለያውን ስፈታው የራሴን ፊርማ አገኘሁበት። ሳቅኩ እንጂ አልተናደድኩም፣ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ የነበረችው ደብዳቤ ከቆሎ መጠቅለያነት ብዙም የሚያልፍ ነገር አልነበራትም።

ምን ትል ነበር መሰላችሁ? ልጅዎ ከሀ እስከ ፐ ይለይ፣ እስከ 100 ይቁጠር፣ መደመርና መቀነስ ይለማመድ፣ ስሙን ይጻፍ። በቃ ይኸው ነው። ወላጁም ያነበበው እንደሆነ ወዲያው አስጠኚ ይቀጥራል፤ ልጁ ሐምሌንና ነሐሴን በዝናብ ተዘግቶ ሲቆጥር ይከርማል።

ደብዳቤዋን የቀየርኳት አንድ ጥቅምት ላይ ነው። እኛ ጋ ያለው ኬጂ ብቻ ስለሆነ ልጆቹ ሲጨርሱ ይበተናሉ፤ አንዳንዱ ወደ ግል፣ አብዛኛው በአቅራቢያችን ወዳሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች። የአንዱን ልጅ መሸኛ ሳላደርስ ቆይቼ ነበርና ራሴ ይዤው ሄድኩ። የአንደኛ ክፍሏ መምህርት በሰፈር የምንተዋወቅ ናት። «ነይ እህቴ፣ ልጆችሽን እያቸው» ብላ ኋላ ዴስክ ላይ አስቀመጠችኝ።

ከ50 በላይ ልጅ ነበር ክፍሉ ውስጥ። ሦስት ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል። ከመሀላቸው የኔን አቡሽ አየሁት። አቡሽ ልበለው፣ ስሙ ሌላ ነው። እኔ ክፍል አንበሳ ነበር። ፊደል በመዝሙር ሲባል የሚመራው እሱ፣ እንግዳ ሲመጣ የምናሳየው እሱ። እንግዲህ የእሱን ነገር ማየት ጀመርኩ።

መጀመሪያ ስም ተጠራ። መምህርቷ የአቡሽን ስም ከነአባቱ ጠራች። ዝም። ደግማ ጠራች። ዝም። ጎኑ ያለችው ልጅ በክርን ስትነካው ነው «አቤት» ያለው። ከዚያ ሰሌዳው ላይ አራት መስመር ተጻፈ፣ ልጆቹ መገልበጥ ጀመሩ። አቡሽ አንገቱን ያነሳል፣ ያቀረቅራል፣ ያነሳል፣ ያቀረቅራል፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ሳለ ሰሌዳው ጠፋ። ቀና ብሎ ባዶውን ሰሌዳ አየው፣ ደብተሩን ከደነው። ትንሽ ቆይቶ እግሮቹን ማጠላለፍ ያዘ። እኔ ምልክቱን አውቀዋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሞግዚቷ ያንን አይታ እጁን ይዛ ትወስደው ነበር። እዚህ ማን ይየው? ልነሳ ስል ቀድሞ ወንበሩ ረጠበ።

የዚያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ይህ ልጅ ሀሁን ከኔ በላይ ያውቃል። የኔ ደብዳቤ ከጠየቀችው ነገር አንድም የጎደለው የለም። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው?

ከሰሌዳው ልጀምር፤ ከሁሉም በላይ ያልገባኝ እሱ ነበርና።

ኬጂ ውስጥ ልጅ ከሰሌዳ አይገለብጥም። ማታ ማታ እኛ ቁጭ ብለን በእያንዳንዱ ደብተር አናት ላይ ናሙናውን እንጽፋለን፣ ልጁ ሥር ሥሩን ይደግማል። ናሙናው ከእርሳሱ ጫፍ ሁለት ጣት አይርቅም። አንደኛ ክፍል ሲገባ ግን ናሙናው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አሁን ልጁ ቀና ብሎ ማየት አለበት፣ ያየውን በልቡ መያዝ አለበት፣ አቀርቅሮ መስመሩን መፈለግ አለበት፣ መጻፍ አለበት፣ ከዚያ ተመልሶ ሰሌዳው ላይ የት እንደነበር ማግኘት አለበት። ፊደል ማወቅ ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ብቻ ነው። ክፍለ ጊዜው ደግሞ 40 ደቂቃ ነው፤ ስም መጥራቱና ዝም ማሰኘቱ ተቀንሶ ለመገልበጥ የሚተርፈው ትንሽ ነው።

በኋላ አቡሽን ቤታቸው ሄጄ አየሁት። እናቱ ቡና አፈላች፣ እኔ ወረቀት ላይ ሁላችንም የምናውቃትን «አበበ በሶ በላ» ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ። ሰባት ፊደል ናት። አቡሽ ለመገልበጥ አሥራ አንድ ጊዜ ቀና አለ። ማለትም አንዳንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ ነው የሚያየው፤ አንዴ አይቶ፣ ሲያቀረቅር ጠፍቶበት፣ እንደገና። የጻፈውም «አበበላ» ነበር። እናቱ ደነገጠች። «ሚስ፣ ይሄ ልጅ ረሳው እንዴ?» አልረሳም። ዓረፍተ ነገሯን እዩዋት፣ አራት በ አለባት። አቡሽ ሁለተኛውን በ ጽፎ ቀና ሲል ዓይኑ «በላ» ውስጥ ያለው በ ላይ አረፈ፣ ከዚያ ቀጠለ፣ «ሶ» መሀል ላይ ቀረች። እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው እንደ ሥዕል ስለሚገለብጥ የሚመለስበት ምልክት የለውም። ቃሉን አንብቦ «በሶ» ብሎ አፉ ውስጥ ይዞ ቢወርድ ኖሮ አይጠፋበትም ነበር።

ፊደል በፊደል ሳይሆን ቃል በቃል ይዞ መውረድ የሚለመደው ደግሞ እንዲህ ነው፣ ደብዳቤዬ ላይም አሁን ሰፊውን ቦታ የያዘው ይኸው ነው። ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ልጁ ሁለት ሦስት ሜትር ርቆ ይቀመጣል። መጀመሪያ ባለ ሁለት ፊደል ቃል ብቻ፤ ላም፣ ቤት፣ ዳቦ። ልጁ ቀና ብሎ ያነባል፣ ጮክ ብሎ ይለዋል፣ ያቀረቅራል፣ እያለው ይጽፋል። ሳይጽፍ ቀና ካለ አይቆጡትም፣ «አፍህ ውስጥ ያዘው» ይሉታል። አንድ ሳምንት እንዲህ ካለ በኋላ ባለ ሦስት ፊደል፣ ቀጥሎ ሁለት ቃል፣ መጨረሻ ላይ አጭር ዓረፍተ ነገር። በቀን አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ አይለፍ። ወላጁ ስህተት መቁጠሩን ትቶ ስንት ጊዜ ቀና እንዳለ ይቁጠር። ቁጥሩ ወደ ቃላቱ ብዛት ሲጠጋ፣ ማለትም ለ«አበበ በሶ በላ» ሦስት አራት ጊዜ ሲሆን፣ ልጁ ለሰሌዳ ደርሷል ማለት ነው። አቡሽ እዚህ ለመድረስ ወር ገደማ ፈጀበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ያው ወረቀት ጠረጴዛ ላይ፣ ደብተሩ አጠገብ ሲቀመጥ ልጁ በደንብ ገልብጦ ግድግዳ ላይ ሲሆን ብቻ ከተበላሸበት፣ ከተነሳና ከቀረበ፣ ዓይኑን ካጠበበ ወይም አንገቱን ካጋደለ፣ መጀመሪያ ዓይኑ ይታይ። ያንን በልምምድ ለማስተካከል ክረምቱን የጨረሰች እናት አውቃለሁ። መነጽር ነበር የሚያስፈልገው።

ወደ ሽንት ቤቱ እንመለስ።

እናቱ በመጀመሪያ ያለችኝ «ፈርቶ ነው» ነው። ፈርቷል፣ እውነት ነው። ማን እንዳስፈራራው ስጠይቅ ግን አያቱ ከመኝታ ቤት ድምፅ አሰሙ፤ «ኧረ እኔ ነኝ፣ ቆይ አንደኛ ክፍል ስትገባ ታያታለህ፣ ቲቸሯ ትቆነጥጥሃለች ስለው ነው የከረምኩት!» እማማ በጨዋታ ነው ያሉት። ሁላችንም እንላለን። ልጁ ግን ያችን የምትቆነጥጥ ሴትዮ እጅ አውጥቶ «ልሂድ?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት።

ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ሱሪውን አይታችሁታል? እኛ ጋ ያለው የኬጂ ዩኒፎርም ወገቡ ላስቲክ ነው፣ ወደ ታች ሳብ ማድረግ ነው። የአንደኛ ክፍሉ ሱሪ ቁልፍና ዚፕ አለው። ከዚያ ደግሞ እንደ ደንባችን «ያድግበታል» ተብሎ ሁለት ቁጥር ከፍ ብሎ ተገዝቷል፤ ስለዚህ ቀበቶ ታሰረ፤ ቀበቶውም ስለሚረዝም አባቱ በምስማር ተጨማሪ ቀዳዳ በስቶለታል። ያችን ቀዳዳ እኔ ራሴ ለመፍታት ታግያለሁ! አቡሽ አንድ ቀን ሽንት ቤት ሄዶ ቀበቶው አልፈታ ብሎት ደወል ተደወለ፣ ሳይሸና ተመለሰ። ከዚያ በኋላ መጠየቁንም ተወው። ይህን የነገረኝ ሱሪው ላስቲክ ከተደረገለት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት «አላውቅም» ብቻ ነበር መልሱ።

ስለዚህ አሁን ደብዳቤዋ ላይ አንድ ሙሉ አንቀጽ ስለ ሱሪ አለ። አንድ አባት «መምህርት፣ ትምህርት ትጽፊልናለሽ ስንል ልብስ ስፌት» ብሎኛል። ይበል። ዩኒፎርሙ ነሐሴ ላይ ሲለካ ወገቡ ላይ ላስቲክ ይግባበት፣ ወይም ልጁ የሚፈታው ቁልፍ ብቻ ይኑረው፤ ልጁም ያንኑ ሱሪ ለብሶ ቤት ውስጥ ሽንት ቤት ይግባበት፣ ማንም ሳያግዘው። ቤታቸው ውስጥ የመቀመጫ ሽንት ቤት ያላቸው ልጆች ትምህርት ቤት የሚያገኙት ቁጢጥ የሚባልበትን ሊሆን ስለሚችል እሱንም አንዴ ሁለቴ የሆነ ቦታ ይለማመዱት። «ቲቸር፣ ሽንት ቤት ልሂድ?» የሚለውንም ጮክ ብሎ ይበል፣ በሹክሹክታ አይደለም፤ 50 ልጅ ባለበት ክፍል ሹክሹክታ አይሰማም። አያቶችም መምህሯን ጭራቅ አድርገው መሳል ይተዉልን። ይሄኛውን በአክብሮት ነው የጻፍኩት።

የስሙ ነገር አጭር ነው። ቤት ውስጥ ማሙሽ፣ ሚጡ፣ ቤቢ የሚባል ልጅ እኛም ጋ መጥቶ በዚያው ይጠራል፤ ጥፋቱ የኛም ነው። መስከረም ላይ ግን የሚነበበው ልደት ሰርተፍኬቱ ላይ ያለው ስም ነው፣ ከነአባት። አንዳንዱ ልጅ እውነቱን ለመናገር ያንን ስም ከክትባት ካርዱ ወዲህ ማንም ጠርቶት አያውቅም። ከሰኔ ጀምሮ እኔ ክፍሌ ውስጥ በመዝገብ ስም መጥራት ጀምሬያለሁ፣ ቤት ውስጥም ክረምቱን በቀን አንድ ጊዜ እንዲጠሩት እጠይቃለሁ። ሲጠራም «አቤት» ብሎ እጁን ያውጣ። የእናቱን ስልክም በቃሉ ይያዝ።

ፊደሉስ? ፊደሉን ጨርሶ አልተውኩትም፣ አጠያየቁን ነው የቀየርኩት። «ከሀ እስከ ፐ ይችላል» የሚባለው ልጅ ብዙ ጊዜ የሚችለው ዜማውን ነው። ሀ ሁ ሂ ሃ እያለ ጣቱ ደግሞ ገበታው ላይ በራሷ መንገድ ትሄዳለች። ይህን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። አንድ ወረቀት መሀሉ ላይ አንድ ፊደል ብቻ በምታሳይ ቀዳዳ ይበሳል። ከዚያ የፊደል ገበታው ላይ ይዘረጋል፣ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ እየተንሸራተተ «ይቺ ማናት?» ይባላል። ከላይም ከጎንም ጎረቤቷ ስለማይታይ ዜማው አይረዳውም። ስንት ልጅ ነው ገበታውን በሙሉ የሚዘምረው፣ በቀዳዳዋ ግን «ሞ» ስትመጣለት ከ«መ» ጀምሮ በጣቱ እየቆጠረ የሚደርስባት! ይሄ ልጅ ማንበብ ሲጀምር ለእያንዳንዱ ፊደል ሰባት ደረጃ እየወጣ ነው። «ነ»ን ከ«ኘ»፣ «ተ»ን ከ«ቸ»፣ «ሰ»ን ከ«ሸ» የምትለየውንም ከላይ ያለችውን ሰረዝ አብዛኛው ልጅ የሚስታት እዚያው ነው። ያልታወቁት ፊደላት ወረቀት ጫፍ ላይ ይመዝገቡ፤ ክረምቱን የሚጠናው እነሱ ብቻ ነው። 231ዱን ፊደል በየቀኑ ከሀ መጀመር ልጁንም ወላጁንም ያሰለቻል፣ ደግሞ ሁልጊዜ የሚደክመው መጨረሻው አካባቢ ስለሆነ ከጨ ወዲያ ያለው እንደተረሳ ይቀራል።

በእንግሊዝኛ ብቻ የሚያስተምር የግል ኬጂ የጨረሰና ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ካለ የሱ ጉዳይ ለየት ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ብዙ ነው። «ቱዌንቲ ሴቨን» ይላል፣ «ሃያ ሰባት» ስትለው ግራ ይገባዋል። ሒሳብ የማይችል ይመስላል፣ ግን ይችላል፤ ያጣው ቃሉን ነው። አንደኛ ክፍል ሒሳቡም አካባቢ ሳይንሱም በአማርኛ ነው። እንደዚህ ላሉት አስጠኚ ሳይሆን ሱቅ እመክራለሁ። ሳንቲምና ብር ይዞ ይላክ፣ ስንት እንደሰጠ፣ ስንት መልስ እንዳመጣ በአማርኛ ይናገር። ሽንኩርቱ በኪሎ፣ እንቁላሉ በቁጥር። ደመር፣ ቀነስ፣ ይበልጣል፣ ያንሳል፣ እኩል የሚሉት ቃላት እዚያ ውስጥ አሉ።

እድሜን በተመለከተ በየዓመቱ አንድ ሁለት ወላጅ ጋ እንከራከራለን። አንደኛ ክፍል መግቢያው 7 ዓመት ነው። የአምስት ዓመት ተኩል ልጁን «ጎበዝ ነው፣ ይለፍልኝ» የሚል አለ። አባቴ ትምህርት ቤት ሲገባ የልደት ሰርተፍኬት የሚባል ነገር ስላልነበረው የተፈተነው በጆሮ ነው፤ ቀኝ እጅህን በአናትህ ላይ አሳልፈህ ግራ ጆሮህን ንካ ተባለ፣ አልደረሰም፣ ለከርሞ ተባለ። እሱ እስኪሞት ድረስ በዚያ እንደተበደለ ነበር የሚያወራው። ግን ዘዴው እንዲያው የተፈለሰፈ አልነበረም፤ ትንሽ ልጅ ጭንቅላቱ ለእጁ ትልቅ ነው፣ ሲያድግ እጁ ይረዝምና ጆሮው ላይ ይደርሳል። እርግጥ አጭርና ረጅም ልጅ ስላለ ብዙ ያሳስታል፤ ዛሬ ሰርተፍኬት እያለ ማንም አያስፈልገውም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። የሰው ወሬ ሳያቋርጠው አንድ ሥራ ላይ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ይቀመጣል ወይ? ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሲታዘዝ፣ «ደብተርህን አስገባና ጃኬትህን አምጣ» ሲባል፣ ሁለቱንም ያደርጋል ወይ? እርሳሱ ሲሰበር ይቀርጻል ወይስ እስኪመጡለት ቁጭ ይላል? (መቅረጫዋን በክር ቦርሳው ላይ እሰሩለት። ሁለት የተቀረጸ እርሳስ ይያዝ። ላጲስ የሚጠፋ ነገር ስለሆነ ስለሱ አልከራከርም።) እነዚህ ሦስቱም የማይሆኑለት ልጅ ፊደል ቢያበጥርም አንድ ዓመት ቢቆይ አይጎዳም።

ጊዜውንም ደብዳቤዋ ላይ አስቀምጫለሁ፣ በክረምቱ አካሄድ። ሐምሌን ይጫወት። በእውነት፣ ይተውት። እስከ ቡሄ ድረስ ቀዳዳዋ ወረቀትና ግድግዳው ላይ ያሉት ላምና ቤት ይበቁታል። ሆያ ሆዬው ካለፈ በኋላ መኝታው በየአንድ ሁለት ቀኑ ሩብ ሩብ ሰዓት ቀደም እያለ ይምጣ፤ ክረምቱን እስከ ማታ አምስት ሰዓት ቴሌቪዥን ሲያይ የከረመ ልጅ በአንድ ሌሊት ሁለት ሰዓት ላይ አይተኛም። ጳጉሜን የልምምድ ናት። ጠዋት 12 ሰዓት ይነሳል፣ ራሱ ይለብሳል፣ በእግሩ ከሆነ የሚሄደው እስከ ትምህርት ቤቱ በር ደርሶ ይመለሳል።

ከዚያ መስከረም ይመጣል፣ መስከረም ደግሞ ያታልላል። ምዝገባ አላለቀም፣ መጽሐፍ አልታደለም፣ ወዲያው መስቀል ነው። ወላጅ «ተመስገን፣ ለመደ» ይላል። ትክክለኛው ትምህርት የሚጠብቀው ከመስቀል ወዲያ ነው፤ ስለዚህ ደብተሩን ማየት የሚያስፈልገው በጥቅምት የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ነው። ምን ይታያል? ማርኩን አትዩ። ሰሌዳው የተገለበጠበትን ገጽ እዩ። መስመሮቹ በግማሽ የሚቆሙ ከሆነ፣ በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ የሚቋረጡ ከሆነ፣ ልጁ ሰነፍ አይደለም፣ ሰሌዳው እየቀደመው ነው። የውሃ ጠርሙሱንም እዩ። ሙሉውን ይዞ ሄዶ ሙሉውን የሚመልስ ልጅ ብዙ ጊዜ ሽንት ቤት ላለመሄድ ነው የማይጠጣው። አቡሽም ጠርሙሱ ሙሉ ይመለስ ነበር፤ እናቱ «ውሃ አይወድም» ብላ ትታው ነበር።

ዘንድሮ ደብዳቤዋ ሁለት ገጽ ሆናለች። ዳይሬክተራችን ወረቀት ውድ ነው ብላ አጉረመረመች፣ ፊት ለፊትና ጀርባ አሳተምኳት። በየፖስታው ውስጥ መሀሉ የተበሳ ካርቶን ጨምሬያለሁ፣ ሞግዚቷና እኔ ሁለት ከሰዓት ሙሉ በመቀስ ስንበሳ ነው የዋልነው፤ እሷ አንዷን ካርቶን ዓይኗ ላይ አድርጋ «እኔንም ፈትኚኝ» አለችና ፈተንኳት። ዠ ላይ ቆመች።